ጀማሪ የአማርኛ ተማሪ ራሱን የሚያስተዋውቅበትን አንቀጽ እንዴት ማጻፍ ይቻላል?

አማርኛን ከዜሮ የጀመረ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ስለ ራሱ የሚናገረው አጭር አንቀጽ ነው። ቃላቱ ቀላል ናቸው፤ የሚያስቸግረው የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው። ተማሪው «ነው» ይበል ወይስ «ነኝ»? «አለኝ» ወይስ «አለሁ»? አፋችንን በአማርኛ የፈታን ሰዎች ይህን ሳናስበው ስለምንመርጠው ስንጠየቅ ማስረዳት ያቅተናል። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ጀማሪን ለምታስተምሩ ወይም ለምታግዙ ነው።

በመጀመሪያ ሙሉውን አንቀጽ ለተማሪው አሳዩት፤ ሳትተነትኑ ሁለት ጊዜ ቀስ ብላችሁ አንብቡለት።

«ሰላም። ስሜ ሊና ነው። የመጣሁት ከብራዚል ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ነርስ ነኝ። አሁን አዲስ አበባ እኖራለሁ። አንድ ወንድምና ሁለት እህቶች አሉኝ። በትርፍ ጊዜዬ ሙዚቃ ማዳመጥ እወዳለሁ። አማርኛ እየተማርኩ ነው። ስለተዋወቅን ደስ ብሎኛል።»

ይኼው ነው፤ ሠላሳ ሦስት ቃል። ለመጀመሪያ ደረጃ ከዚህ በላይ አታስረዝሙት። «ምክንያቱም»፣ «ምንም እንኳን» የመሳሰሉትን ማያያዣዎች ለኋላ አቆዩአቸው፤ አጫጭር ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ነውር የለበትም።

ደረጃ 1፦ መረጃውን በተማሪው ቋንቋ ሰብስቡ

ስም፣ አገር፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ መኖሪያ፣ ቤተሰብ፣ የሚወደው ነገር። ለእያንዳንዱ አንድ ወይም ሁለት ቃል ይበቃል። ዓረፍተ ነገሩን ግን በራሱ ቋንቋ እንዲጽፍ አትፍቀዱ፤ ከጻፈ ቃል በቃል ይገለብጠዋል፣ ግሡንም መሐል ላይ ያስቀምጠዋል። «እወዳለሁ ሙዚቃ ማዳመጥ» የሚለው ስህተት ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከዚህ ነው። በአማርኛ ግሥ ቦታው መጨረሻ ላይ ነው።

ደረጃ 2፦ መጨረሻውን ከባለቤቱ ጋር አጋጥሙ

ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። ተማሪው ዓረፍተ ነገሩን ከመዝጋቱ በፊት «የማወራው ስለ ማን ወይም ስለ ምን ነው?» ብሎ ይጠይቅ።

ስለ ራሱ ማንነት ከሆነ «ነኝ» ይላል፦ ነርስ ነኝ፣ ተማሪ ነኝ፣ ባለትዳር ነኝ። የሚያወራው ስለ ስሙ ከሆነ ግን ባለቤቱ «እኔ» ሳይሆን «ስሜ» ነው፤ ስም ደግሞ ከእኔ ውጭ ያለ አንድ ነገር ስለሆነ በ«ነው» ይዘጋል። ስለዚህ «ስሜ ሊና ነው» ወይም «ሊና ነኝ» ይባላል እንጂ «ስሜ ሊና ነኝ» አይባልም። ይህን ስህተት ደጋግማችሁ ትሰሙታላችሁ። ተማሪው «ስሜ» ውስጥ «የእኔ» የሚል ነገር ስለሚያይ መጨረሻውም «እኔ»ን መከተል ያለበት ይመስለዋል። «ስሜ» በሚለው ቃል ላይ ጣታችሁን አሳርፋችሁ «ይህ ሰው ነው ወይስ ቃል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ከረጅም ማብራሪያ ይልቅ ይህ ይገባዋል።

ዕድሜም እንደዚሁ ነው። ከሌላ ቋንቋ የሚገለብጥ ተማሪ «ሃያ ስድስት ዓመት ነኝ» ይላል። በአማርኛ ሰው ዓመትን አይሆንም፤ ዓመቱ የእሱ ይሆናል እንጂ። ስለዚህ «ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው» ወይም «ዕድሜዬ ሃያ ስድስት ዓመት ነው» ይላል። ዕድሜ ሲነገር ከቁጥር በኋላ «ዓመት» በነጠላ ይቆያል፤ «ሃያ ስድስት ዓመቶች» አይባልም።

«የመጣሁት ከብራዚል ነው» የሚለውን ሰዋስው ለጀማሪ አትዘርዝሩ። እንደ አንድ ጥቅል ያጥናውና የአገሩን ስም ብቻ ይቀያይር። «ከብራዚል መጣሁ» ካለ ግን አስቁሙት፤ ሰሚው አሁን ከአውሮፕላን የወረደ ይመስለዋል። «መጣሁ» ድርጊቱን ይናገራል፣ «የመጣሁት… ነው» ግን ከየት እንደሆነ ያመለክታል። ሌላው አማራጭ «ብራዚላዊ ነኝ» ነው፤ ሴት ከሆነች «ብራዚላዊት ነኝ» ትላለች። በዚህ አንቀጽ ውስጥ የተናጋሪው ጾታ የሚለይበት ቦታ ይህ ብቻ ነው፤ «ነኝ»ም ሆነ «እኖራለሁ» ለወንድም ለሴትም አንድ ነው።

«አማርኛ እየተማርኩ ነው» ላይ ደግሞ «ነኝ» የሚል ብዙ ነው። እዚህ «እኔ» የሚለው ሐሳብ «እየተማርኩ» መጨረሻ ላይ ባለው «ኩ» ውስጥ ገብቷል፤ ስለዚህ «ነው» አይለወጥም።

ደረጃ 3፦ «አለኝ»ን ለብቻው ተለማመዱ

ወንድምና እህት ስንቆጥር ዓረፍተ ነገሩ የሚናገረው «እኔ ያዝኩ» ሳይሆን «ለእኔ እህት አለች» የሚል ነው። ባለቤቷ እህቲቱ ናት። ስለዚህ ግሡ ከእሷ ጋር ይሄዳል፦ ወንድም አለኝ፣ እህት አለችኝ፣ ሁለት እህቶች አሉኝ። በአሉታም እንደዚሁ፦ ወንድም የለኝም፣ እህት የለችኝም። በሊና አንቀጽ ውስጥ ወንድሙም እህቶቹም ተደምረው ስለተቆጠሩ «አሉኝ» ሆኗል።

እውነቱን ለመናገር በዕለት ተዕለት ንግግር «ሁለት እህት አለኝ» የሚል ሰው ሞልቷል። ተማሪው እንዲህ ሲናገር ብትሰሙ አታቋርጡት፤ ሲጽፍ ግን አስተካክሉለት።

ደረጃ 4፦ «እኔ»ን አራግፉ

የጀማሪ ጽሑፍ በ«እኔ» የተሞላ ነው። ለምሳሌ አንድ ተማሪ እንዲህ ጻፈ እንበል፦

«እኔ ስሜ ዳንኤል ነኝ። እኔ ከካናዳ መጣሁ። እኔ ሠላሳ ዓመት ነኝ። እኔ አስተማሪ ነው። እኔ አንድ እህት አለኝ። እኔ እወዳለሁ መዋኘት።»

መጀመሪያ «እኔ»ዎቹን በሙሉ ሰርዙ። «ነኝ» እና «እወዳለሁ» ማን እንደሚናገር በራሳቸው ይነግሩናል። «እኔ» የሚያስፈልገው ከሌላ ሰው ጋር ስናነጻጽር ነው፦ «እሷ ሐኪም ናት፤ እኔ ነርስ ነኝ።» ቀጥሎ መጨረሻዎቹን አንድ በአንድ ፈትሹ። ስም በ«ነው» ይዘጋል። «መጣሁ» ወደ «የመጣሁት… ነው» ይለወጣል። «ዓመት» «ዓመቴ» ይሆናል። «አስተማሪ» ስለ ማንነቱ ስለሆነ «ነኝ» ይከተለዋል። እህት «አለችኝ» ትፈልጋለች። «እወዳለሁ» ወደ መጨረሻ ይሄዳል። ውጤቱ፦

«ስሜ ዳንኤል ነው። የመጣሁት ከካናዳ ነው። ሠላሳ ዓመቴ ነው። አስተማሪ ነኝ። አንድ እህት አለችኝ። መዋኘት እወዳለሁ።»

ከስድስቱ ዓረፍተ ነገሮች አምስቱ የተበላሹት መጨረሻቸው ላይ ነበር፤ ስድስተኛው በቃላት ቅደም ተከተል። ቃል የጎደለው ግን አንድም አልነበረም።

ስለ ቃላቱ

እባላለሁ፦ «ስሜ ሊና ነው» ከማለት ይልቅ «ሊና እባላለሁ» ማለት ለጆሮ ይጥማል። ነገር ግን አደጋ አለው። «ባ» ጠብቆ ይነበባል። ተማሪው አላልቶ «በ» ካደረገው «ሊና እበላለሁ» ይሆናል፤ ማለትም ሊናን ምሳ አደረጋት። ሁለቱን ጎን ለጎን እየደጋገመ እንዲላቸው አድርጉ፦ እባላለሁ፣ እበላለሁ። እስኪለየው ድረስ «ስሜ… ነው» ላይ ቢቆይ ይሻላል።

እኖራለሁ፣ እወዳለሁ፦ በንግግር መጨረሻቸው «ለው» ወደሚል ድምፅ ስለሚጠጋ «እኖራለው» ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው፤ ተማሪው ብቻም አይደለም። ትክክለኛው «ሁ» ነው። ልዩነቱን ለማሳየት «አለሁ» እና «አለው»ን አጻጽፉት፤ የመጀመሪያው ስለ እኔ፣ ሁለተኛው ስለ እሱ ንብረት ነው።

ሥራ፦ «ሥራዬ ነርስ ነው» ሲባል ሥራው ራሱ ሰው ሆነ። «ነርስ ነኝ» ወይም «በሙያዬ ነርስ ነኝ» ይባል። ለሌሎች፦ አስተማሪ፣ ሐኪም፣ ሾፌር፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ተማሪ። ጡረታ የወጣ ሰው «ጡረታ ወጥቻለሁ» ይላል።

ትዳር፦ «አግብቻለሁ» ወይም «ባለትዳር ነኝ»፤ ካልሆነ «አላገባሁም»።

ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መዋኘት፦ «እወዳለሁ» ከመባሉ በፊት ግሡ በ«ማ» ወይም በ«መ» የሚጀምረውን ቅርጽ ይይዛል። ተማሪው የሚወደውን አንድ ድርጊት ብቻ በዚህ ቅርጽ ይያዝ።

ደስ ብሎኛል፦ «ስለተዋወቅን ደስ ብሎኛል»ን እንደ አንድ ቃል ያጥናው። ደስታው ወደ እኔ መጣ እንደማለት ስለሆነ «ደስ ብያለሁ» አይባልም።

ደረጃ 5፦ ጥያቄውንም አስተምሩ

አንቀጹን በቃሉ የያዘ ተማሪ ሰው ሲጠይቀው ሊደነግጥ ይችላል፤ ምክንያቱም ጥያቄው በብዙ መልክ ይመጣል። ለወንድ «ስምህ ማን ነው?»፣ ለሴት «ስምሽ ማን ነው?»፣ በአክብሮት «ስምዎ ማን ነው?» ይባላል። «ምን» ሳይሆን «ማን» መሆኑን አስምሩበት፤ ተማሪው ራሱ ሲጠይቅ «ስምህ ምን ነው?» ማለቱ አይቀርምና። ጠያቂው የማያውቀው ትልቅ ሰው ከሆነ መልሶ ሲጠይቅ «አንተስ?» ሳይሆን «እርስዎስ?» ይበል።

በስልክ ወይም በር ላይ ደግሞ «ማን ልበል?» ይሉታል። «ስም» የሚለው ቃል በውስጡ ስለሌለ ያልተማረ ጀማሪ ዝም ይላል። መልሱ ያው የሚያውቀው ነው፤ ጠበቅ አድርጎ «ሊና እባላለሁ።»