ላስቲኩ ቦዩ ጋ አልደረሰም፦ የግሪን ሃውስ ተነል ላስቲክ ልክ

ችግር፦ አንዱ ጎን ተቀብሯል፣ ሌላው ከመሬት አይደርስም

የመጀመሪያው ተነሌ ላይ የገጠመኝ ይኸው ነው። ስፋቱ 6 ሜትር፣ ርዝመቱ 20 ሜትር፣ መሃል ላይ ቁመቱ 3 ሜትር ነበር። የገዛሁት ላስቲክ ስፋት 10 ሜትር ነው። ለ6 ሜትር ቤት 10 ሜትር ላስቲክ ይተርፋል እንጂ አያንስም ብዬ ነበር። አንዱን ጠርዝ ቦዩ ውስጥ አስገብተን አፈር መለስንበት። ዞሬ ሌላውን ጎን ሳይ ጠርዙ መሬት ሊነካ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ቀርቶት ተንጠልጥሏል።

ምክንያቱ

ላስቲኩ የሚሄደው በመሬቱ ስፋት ሳይሆን በቅስቱ ላይ ነው። ቅስቱ ልክ ግማሽ ክብ ከሆነ፣ ማለትም ቁመቱ የስፋቱ ግማሽ ከሆነ፣ ስፋቱን በ1.57 ማባዛት ነው። የእኔ 6 ሲባዛ በ1.57 ወደ 9.42 ሜትር ይመጣል። ከ10 ሜትሩ የተረፈኝ 58 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር ማለት ነው፤ ለሁለቱም ጎን!

ለአንድ ጎን እኔ የምይዘው 60 ሴንቲ ሜትር ነው። 30ው ወደ ቦዩ ይወርዳል፣ 30ው ደግሞ ቦዩ ወለል ላይ ይነጠፍና አፈሩ ይጫነዋል። ነፋስ ላስቲኩን ሲያነሳው ይዞ የሚያስቀረው ይህ የተነጠፈው ክፍል ነው። ቀጥ ብሎ ብቻ የተቀበረ ላስቲክ በነፋስ ተስቦ ይወጣል። ስለዚህ 9.42 ላይ 1.20 ስንጨምር 10.62 ሜትር ይሆናል። በዚህ ልክ የተዘጋጀ ላስቲክ ከሌለ ከፍ ያለውን መውሰድ ነው። ትርፉን ቦዩ ውስጥ ማጠፍ ይቻላል፣ ያጠረውን ማርዘም ግን አይቻልም።

ከተገዛ በኋላ ምን ይደረጋል?

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የቅስቱን እግሮች ማቀራረብ ነው። አይጠቅምም። ቱቦው ያው ቱቦ ነው፤ ሲጠብ ወደ ላይ ይረዝማል እንጂ ላስቲኩ የሚሄድበት መንገድ አያጥርም። የሚረዳው የቱቦውን ጫፍ በሁለቱም ጎን ወደ መሬት ጠለቅ ማድረግ ነው። 30 ሴንቲ ሜትር ካጠለቅከው ለዚያ ጎን 30 ሴንቲ ሜትር ላስቲክ ታተርፋለህ። ቤቱ ግን በዚያው ልክ ዝቅ ይላል።

ቱቦው መሬት በተመታ ብረት ላይ ተሰክቶ ከሆነ ይህ አይሆንም። እኔም በዚህ ምክንያት ጣውላ ተጠቀምኩ። በሁለቱም ጎን ከእግሮቹ ጋር አጥብቄ ጣውላ አሰርኩ። ከዚያ የቀበርነውን አውጥተን ላስቲኩን መሃል ላይ አስተካከልነው። በየጎኑ 29 ሴንቲ ሜትር ደረሰው። ያንን ቀጭን እንጨት ላይ ሁለት ዙር ጠቅልለን ከጣውላው ጋር በብሎን አጣበቅነው። ምስማር ብቻ መምታት ግን ላስቲኩን ከቀዳዳው ጀምሮ ይቀደዋል።

ቅስቱ ግማሽ ክብ ካልሆነስ?

1.57 እዚህ ላይ ያሳስታል። ያው 6 ሜትር ስፋት ሆኖ ቁመቱ 2.4 ሜትር ቢሆን ቅስቱ 8.30 ሜትር ገደማ ነው፤ ከአንድ ሜትር በላይ ልዩነት አለው። በተቃራኒው ቅስቱ በቀጥ ያሉ እግሮች ላይ ከቆመ የሁለቱ እግሮች ቁመት ይጨመራል። ቱቦው ከቆመ ግን ስሌቱ ሁሉ ይቅር። አንድ ሲባጎ ከአንዱ ቦይ ወለል ጀምረህ በቅስቱ ላይ አሳልፈህ እስከ ሌላው ቦይ ወለል ዘርጋና በሜትር ለካው። ለሚነጠፈው በየጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር ጨምር። በቃ።

ችግር፦ ጎኖቹ ደርሰዋል፣ ፊትና ኋላው ግን ክፍት ቀረ

ምክንያቱ ርዝመቱ 20 ሜትር ብቻ ተብሎ መገዛቱ ነው። ጫፎቹን በዚያው ላስቲክ የምትዘጋ ከሆነ በየጫፉ የቤቱ ቁመትና የሚቀበረው ይጨመራል፦ 3 ሜትር ከ60። ለሁለቱ ጫፍ 7.20 ነው፤ ጠቅላላው 27.20 ሜትር ይሆናል። ካጠረ ጫፎቹን ለየብቻ በሌላ ቁራጭ መዝጋት ይቻላል። ለዚያ ግን ዋናው ላስቲክ የመጨረሻውን ቅስት አልፎ የሚጠቀለልበት ቢያንስ ግማሽ ሜትር በየጫፉ ይፈልጋል።

ችግር፦ ጠዋት የተወጠረው ቀትር ላይ ረገበ

ይህ የልክ ስህተት አይደለም። ላስቲክ ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል። በብርድ ሰዓት ከወጠርከው ሙቀት ሲመጣ ይረግባል፣ ነፋስም እያራገበ በቱቦው ላይ ይፈጨዋል። ጎኖቹን ከፍተህ ሞቅ ባለና ነፋስ በሌለበት ሰዓት ደግመህ ወጥረው፣ አፈሩንም ያኔ መልስበት።