ኖታውን ዘግታችሁ ስትጫወቱ መሀል ላይ የሚጥሏችሁ ስህተቶች

አንድ ተማሪዬ ወላጆች በተሰበሰቡበት የባክን የዶ ሜጀር ፕሬሉድ በቃሉ ይጫወት ነበር። አጀማመሩ ቆንጆ ነበር። መጨረሻው ሊደርስ ሲል ግን አራት ባር ወደ ኋላ ተመለሰ። እንደገና እዚያው ደረሰ፤ እንደገና ተመለሰ። በሦስተኛው ዙር እጁን ከፒያኖው ላይ አነሳ። ሲወርድ «ጋሼ፣ ቤት እኮ አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም» አለኝ። እውነቱን ነው። የጎደለው ልምምድ አይደለም፤ አያያዙ ነው የተበላሸው።

በዚሁ ሥራ ላይ ላስረዳችሁ፤ ፒያኖ የሚማር ሁሉ አንድ ቀን ይደርስበታልና። ባክ በ1722 ባጠናቀረው ስብስብ መጀመሪያ ላይ ያለ የ35 ባር ሙዚቃ ነው። እያንዳንዱ ባር አንድ ኮርድ ነው። ሁለቱን ድምፅ ግራ እጅ፣ ሦስቱን ቀኝ እጅ እየበታተነ ይጫወታል። ያው ነገር በባሩ ውስጥ ሁለቴ ይመጣል። እስከ 32ኛው ባር ቅርጹ አይለወጥም። ቀላል የሚመስለውም፣ የሚያሳስተውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሁልጊዜ ከመጀመሪያው መጀመር

ከአንደኛው ባር ጀምሮ መቶ ጊዜ የተጫወተ ሰው ሙዚቃውን ያወቀ ይመስለዋል። ያወቁት ግን ጣቶቹ ናቸው። ጣት የሚያውቀው ከዚህ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ብቻ ነው። ሰንሰለቱ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ከመጀመሪያው መነሳት ነው እንጂ ሌላ መግቢያ የለውም። ለማወቅ ቀላል ነው። ኖታውን ዝጉና ከ20ኛው ባር ጀምሩ። እጃችሁ ቁልፎቹ ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ሙዚቃው ገና በቃላችሁ አልገባም።

በገጽ ወይም በመስመር መቁረጥ

ብዙ ሰው «ዛሬ የመጀመሪያውን ገጽ እይዛለሁ» ይላል። ገጹ የሚያልቀው ማተሚያ ቤቱ ባሻው ቦታ ነው፤ ሙዚቃው እዚያ አያርፍም። ቁራጩ ሙዚቃው በሚተነፍስበት ቦታ መቆረጥ አለበት። በዚህ ፕሬሉድ እኔ እንዲህ እከፍለዋለሁ፦ ከ1 እስከ 4 ከቤት ወጥቶ ቤት ይመለሳል። ከ5 እስከ 11 ወደ ሶል ሄዶ ያርፋል። ከ12 እስከ 19 ተጠማዝዞ ወደ ዶ ይመለሳል። ከ20 እስከ 23 ቤዙ ሶልን ፍለጋ ይወርዳል፤ ከ24 እስከ 31 ሶል ላይ ተተክሎ ይቆያል፤ ከ32 እስከ 35 መዝጊያው ነው።

ስድስት ቁራጭ ሆነ። እያንዳንዱን መጀመሪያ ሳትበታትኑ አምስቱን ድምፅ ባንዴ እየመታችሁ፣ ኮርድ በኮርድ ያዙት። 35 ባር የነበረው ነገር ስድስት አጭር ታሪክ ይሆናል።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ የቆዩ ኅትመቶች ከ22ኛው ባር ቀጥሎ የባክ ያልሆነ አንድ ባር ስለጨመሩ 36 ባር አላቸው። ቁጥራችሁ ከኔ ካልገጠመ መጽሐፋችሁን እዩት።

የሚመሳሰሉ ቦታዎችን ጎን ለጎን አለማየት

ተማሪዬን የጣለው ይሄ ነው። 18ኛውን፣ 27ኛውንና 31ኛውን ባር አንድ ላይ አስቀምጡና ተመልከቱ። ከታች ወደ ላይ ሶል፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ፋ። ሦስቱም ቁርጥ አንድ ናቸው፤ አንዲት ኖታ እንኳ አትለያይም። 26ኛውና 30ኛውም እንዲሁ አንድ ናቸው። ጣት በምን ይለያቸው? አንድ መገንጠያ ላይ ሦስት መንገድ አለ። ከ18ኛው ወደ 19ኛው፣ ወደ ዶ ማረፊያ ይሄዳል። ከ27ኛው ወደ 28ኛው። ከ31ኛው ወደ 32ኛው። ልጁ 31ኛው ላይ ደርሶ ወደ 28ኛው ታጠፈ፤ ከዚያ 31ኛው ላይ መልሶ ደረሰ። በዚህ መንገድ እስኪነጋ መዞር ይቻላል። ከ27ኛው ላይ ወደ 32ኛው የሚዘልም አለ፤ እሱ አራት ባር ዘሎ ሳያውቀው ይጨርሳል።

መፍትሔው ደጋግሞ መጫወት አይደለም፤ መድገም እንዲያውም መንገዶቹን ይበልጥ ያደባልቃቸዋል። እርሳስ አንሱና መገንጠያዎቹ ላይ ምልክት አድርጉ። 28ኛው ላይ የግራ እጅ ትንሿ ጣት ሶል ላይ እንዳለች ትቆያለች፤ ከላይዋ ግን ሚ ፍላት ይመጣል። እዚያ «ሚ ፍላት» ብላችሁ ጻፉ። 32ኛው ላይ ግን ትንሿ ጣት ስምንት ባር ሙሉ ይዛው የቆየችውን ሶል ትታ ወደ ታች፣ ወደ ዶ ትወርዳለች። እዚያ ደግሞ «ውረድ» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ መገንጠያዎቹን ብቻ ተለማመዱ፦ 27 እና 28፣ አቁሙ። 31 እና 32፣ አቁሙ። 18 እና 19፣ አቁሙ። ቅደም ተከተሉንም አቀያይሩት። ሙዚቃውን ሙሉውን መጫወት ሳያስፈልግ አስር ደቂቃ ይበቃዋል።

ምልክቱን አውቆ ከምልክቱ አለመነሳት

ስድስቱን መነሻዎች ማስመር ብቻውን አይጠቅምም። ከየትኛውም ተነስታችሁ መጫወት ካልቻላችሁ ወረቀት ላይ የቀረ ጌጥ ነው። እኔ ከኋላ አስጀምራለሁ። መጀመሪያ 32፣ ቀጥሎ 24፣ ከዚያ 20፣ 12፣ 5፣ በመጨረሻ 1። ስትሳሳቱ ወደሚታወቅ ነገር እየተጓዛችሁ ነው፤ ወደ ባዶ አይደለም። መድረክ ላይ ከጠፋችሁም ወደ ኋላ አትመለሱ፤ የሚቀጥለውን ምልክት ያዙና ሂዱ። ከ28ኛው በኋላ የጠፋው ሰው በ32ኛው ቢገባ አብዛኛው አድማጭ ልብ አይለውም።

ዜማውን ማንጎራጎርን እንደ አእምሮ ልምምድ መቁጠር

ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ሙዚቃውን በሐሳብ መስማት ደስ ይላል፤ ልምምድ ግን አይደለም። እውነተኛው እንዲህ ነው። ዓይን ተጨፍኖ፣ ያለ ፒያኖ፣ በጣም በዝግታ፣ ባር በባር። ቤዙ ምንድን ነው? የትኛው ጣት ነው የሚነካው? ጥቁር ቁልፍ አለ? ከ20ኛው ጀምሩ፦ ዶ፣ ፋ፣ ፋ ሻርፕ፣ ላ ፍላት፣ ሶል። ቤዙ ሶልን ከታችም ከላይም ከቦ ነው የሚያርፍባት። ይህን በሐሳባችሁ ካያችሁት አይጠፋችሁም። ምስሉ የደበዘዘበት ቦታ ላይ ቁሙ፤ ያንኑ ባር ብቻ ከኖታው አይታችሁ መልሳችሁ ዝጉት። መድረክ ላይ የሚከዳችሁ አብዛኛውን ጊዜ ያ የደበዘዘው ነው።

ወሰንም አለው። በ1995 የታተመ ጥናት ላይ የአምስት ጣት መልመጃ ለአምስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት በሐሳብ ብቻ የተለማመዱ ሰዎች ተሻሽለው ታይተዋል። በቁልፍ ላይ የተለማመዱትን ያህል ግን አልሆኑም። አንድ ጊዜ ለሁለት ሰዓት በእጃቸው ሲለማመዱ ነው የደረሱባቸው። ጣት የማያውቀውን ነገር በሐሳብ ማስተማር ይከብዳል። መጀመሪያ በእጅ፣ ቀጥሎ በጭንቅላት፣ መልሶ በእጅ ቢሆን ጥሩ ነው።

በሞቀ እጅ መፈተን

ከአንድ ሰዓት ልምምድ በኋላ ሁሉም ነገር ይሄዳል። ጠዋት ተነስታችሁ ምንም ሳትነኩ አንዴ ብቻ ተጫወቱት። ከተቻለም ሌላ ፒያኖ ላይ። የቆማችሁበትን ባር ቁጥር ጻፉ።

ያ ልጅ ከአራት ሳምንት በኋላ እንደገና ተጫወተው። ከጎኑ ቆሜ ግራ እጁን ነበር የማየው። 31ኛው ላይ ሲደርስ ከንፈሩ «ውረድ» ሲል አየሁት። ትንሿ ጣቱም ዶ ላይ አረፈች።