በኮንቮይ ስትሄዱ ሰዓቱን በቀርፋፋው መኪና አስሉ

ብዙ መኪና ሆናችሁ አብራችሁ የምትሄዱ ከሆነ የመድረሻ ሰዓቱን በራሳችሁ መኪና ፍጥነት እንዳታሰሉት፣ የሚወስነው ጭነት የያዘው ቀርፋፋው ነው። ለምሳሌ መንገዱ 240 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ የቤት መኪናው በአማካይ 80 እየሄደ 3 ሰዓት ይበቃዋል፣ አይሱዙው ግን ዳገቱም ምኑም ተደምሮ አማካዩ 60 ከሆነ 4 ሰዓት ይፈጅበታል፣ ስለዚህ ሂሳቡ የሚጀምረው ከ4 ሰዓት ነው።

ሰው የሚረሳው ደሞ የመሰባሰቢያ ፌርማታዋን ነው። 20 ደቂቃ እረፍት ሲባል መቆጠር ያለበት የመጨረሻው መኪና ገብቶ ከቆመ በኋላ ነው፣ አለዛ ኋላ የቀረው ሹፌር ሞተር ሳያጠፋ ተነሱ ይባላል፣ ይሄ ደሞ ለድካም በጣም አደገኛ ነው። 10 መኪና በ30 ሰከንድ ልዩነት ቢከታተል ጭራው የሚገባው መሪው ከደረሰ 5 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ነው፣ ስለዚህ አንዷ ፌርማታ 25 ደቂቃ ትበላለች። ሁለት ጊዜ ከቆማችሁ 50 ደቂቃ፣ መሪው ከተነሳ በ4 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይደርሳል፣ ጭራው በ4 ሰዓት ከ55።

ቀርፋፋውን ከፊት አድርጉት። ፈጣኖቹ ቀድመው ቢሄዱ 120ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ግማሽ ሰዓት ቆመው ይጠብቁታል እንጂ ኮንቮዩ አንድ ደቂቃ እንኳን ቀድሞ አይገባም።