እየበላ የሚከሳ በግ፦ ከምልክቱ ወደ መንስኤው

ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ፣ ወንዝ ዳር ካለ ጨፌ አጠገብ የሚኖሩ አንዲት እናት ጥር መጨረሻ ላይ አስጠሩኝ። ሰባት የመንዝ እናት በጎች አሏቸው። «ልጄ፣ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ግን ሁለቱ እያለቁ ነው። መርፌም ሁለት ጊዜ አስወግቻቸዋለሁ» አሉኝ። በእንስሳት ጤና ሥራ ከሚያጋጥሙኝ ጥያቄዎች በጣም የሚደጋገመው ይኸው ነው። መድኃኒት ይገዛል፣ ይሰጣል፣ በጉ ግን መክሳቱን አያቆምም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ መድኃኒቱ መናኛ ስለሆነ ሳይሆን ለሌላ በሽታ የተሰጠ ስለሆነ ነው። እዚህ የምጽፈው ያን ቀን ያደረግነውን በቅደም ተከተሉ ነው።

መጀመሪያ፦ መጠበቅ የማይገባው የትኛው ነው?

ክሳት በሳምንታት የሚመጣ ነገር ነው፤ ለመመርመር ጊዜ ይሰጣል። ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች ግን አሉ። ጠዋት ጉረኖው ሲከፈት ወደ ኋላ የሚቀር፣ ጆሮውን ጥሎ ለብቻው የሚቆም፣ መኖ ትቶ የማያመነዥክ በግ ወይም ፍየል ያን ዕለት ይታይ። ጥላ ላይ አሳርፋችሁ በፊንጢጣ ሙቀቱን ለኩ። ጤነኛው ከ38.5 እስከ 39.5 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ከ40 ካለፈ ትኩሳት አለው። ሲሮጥ ወይም ፀሐይ ላይ ቆይቶ የተለካ እንስሳ ግን ሳይታመምም ከፍ ይልበታል።

ትኩሳት ላይ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የአፍ ውስጥ ቁስልና ተቅማጥ ከተጨመረ ደስታ መሰል በሽታ ሊሆን ስለሚችል እንስሳውን ለዩ፣ ገበያ አታውጡ፣ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ አሳውቁ። ድንገት የሞተና ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው ጥቁር ደም የሚፈስ እንስሳ ካገኛችሁ ደግሞ አትግፈፉት፣ አትክፈቱት፤ አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላልና ለሰውም ያሰጋል።

የእኚህ እናት በጎች እንዲህ ያለ ምልክት አልነበራቸውም። ሙቀታቸው 39.2 እና 39 ነበር፤ ያመነዥካሉ። ስለዚህ ወደ ክሳቱ ገባን።

ሁሉም ከስተዋል ወይስ ጥቂቶቹ?

ይህን ጥያቄ ከሁሉ አስቀድማለሁ፣ ምክንያቱም ግማሹን መንገድ ያሳጥራል። ግን በዓይን አይመለስም፤ ፀጉር ያታልላል። ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ ወገቡ ላይ እጃችሁን አሳርፋችሁ የአከርካሪውን ጫፍ በጣታችሁ ፈልጉ። ጫፉ እንደ መጋዝ ጥርስ ሹል ሆኖ ከተሰማችሁና ከጎኑ ያለው ሥጋ ከጎደጎደ በጉ ከስቷል። ጫፉ ድቡልቡል ሆኖ፣ ጫን ስትሉት ብቻ የሚገኝ ከሆነ ደህና ነው።

ሰባቱም አንድ ዓይነት ከከሱ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መኖ ነው። በበጋ ገለባ ብቻ የሚበላ በግ ሆዱ ሞልቶ ይከሳል፤ ገለባው ሆድ ይሞላል እንጂ ገንቢ ምግቡ ትንሽ ነው። ለዚህ የሚበጀው ፍሩሽካና ፋጉሎ ቀላቅሎ በቀን ለአንድ በግ 200 ግራም ገደማ መጨመር ነው። ከትንሽ ጀምራችሁ በአንድ ሳምንት ውስጥ አድርሱት። በአንድ ቀን ብዙ እህል ያገኘ በግ በሆድ መታወክ ሊሞት ይችላል።

እኛ ግን ሰባቱንም ስንዳስስ አምስቱ ደህና ነበሩ። ሁለቱ ሹል ናቸው። አንድ ጉረኖ፣ አንድ ግጦሽ፣ አንድ መኖ ሆኖ ጥቂቶቹ ብቻ ከከሱ ምክንያቱ በእነዚያው በጎች ገላ ውስጥ ነው።

ጥርስ

ከመድኃኒት በፊት አፍ ይከፈት። ከሁለቱ አንዷ አሮጊት ናት፤ ከፊት ጥርሶቿ ሁለቱ ወልቀዋል። ጉንጯን ከውጭ ስዳስስ ግን መንጋጋዎቿ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ያበጠም የለም፣ የተጠራቀመ ሣርም አልነበረም። መንጋጋው የተበላሸ በግ ያላመጠውን ሣር ጉንጩ ውስጥ ያቁራል፣ አረንጓዴ ለሃጭ በከንፈሩ ይወርዳል፣ ሲነኩትም ይሸሻል። ያ ቢሆን ኖሮ የምላቸው ሌላ ነበር፤ የተበላሸ ጥርስ በመድኃኒት አይመለስምና በለስላሳ መኖ ትንሽ አፋፍቶ መሸጥ ይሻላል። የሁለተኛዋ ጥርስ ሙሉ ነበር። እሷ ገና የአራት ዓመት በግ ናት፣ ክሳቷም የባሰ ነበር። ስለዚህ ጥርስ ምክንያት አይደለም።

ዓይንና አገጭ

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተገለጠው። የበጉን የታችኛውን የዓይን ሽፋን በአውራ ጣት ወደ ታች ጎትታችሁ የውስጡን ቀለም በቀን ብርሃን ተመልከቱ። ደማቅ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ደሙ ደህና ነው። ወደ ነጭ ካዘነበለ ደም አንሶታል። ሁለቱንም ዓይን እዩ፣ ሽፋኑን ለረዥም ጊዜ ገልጣችሁ አትያዙ፤ ሲቆይ ይቀላል። የሁለቱ በጎች ዓይን ነጣ ያለ ነበር። ከወጣቷ በግ አገጭ ሥር ደግሞ ለስላሳ፣ ውሃ የቋጠረ እብጠት ነበር። እናትየዋ «ማታ ከግጦሽ ሲመለሱ ያብጣል፣ ጠዋት ይጎድላል» አሉ። ልክ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አንገቱን ደፍቶ ስለሚግጥ ውሃው ወደ አገጩ ይወርዳል፣ ሌሊት ተኝቶ ሲያድር ይመለሳል። እብጠቱ ጠንካራ ሆኖ ቦታውን የማይለቅ ቢሆን ኖሮ መግል የቋጠረ እጢ ነው ብዬ እጠረጥር ነበር።

የነጣ ዓይንና የአገጭ ሥር እብጠት አንድ ላይ ሲመጡ ሁለት መንስኤ በቅድሚያ ይታሰባል። አንዱ ጨጓራ ውስጥ ደም የሚመጥጥ ቀጭን ክብ ትል ነው፣ ሌላው የጉበት ትል ነው። ሁለቱም ደም ያሳንሳሉ፤ ደም የሚመጥጠው የጨጓራ ትል ብቻውን ሲሆን ብዙ ጊዜ ተቅማጥ አያመጣም። ስለዚህ «በጠጡ ደረቅ ነው፣ ትል የለበትም» የሚባለው ያሳስታል።

ታዲያ በምን ይለያሉ? በወቅቱ፣ በግጦሹና ቀደም ሲል በተሰጠው መድኃኒት። የጨጓራው ትል የሚበረታው ዝናብና ሙቀት ሲገናኙ ሲሆን የእነዚህ ክሳት ግን ከታኅሣሥ ወዲህ የመጣ ነው። የጉበት ትል በጨፌ የሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ ያስፈልገዋል፤ ጽንሱ ቀንድ አውጣው ውስጥ አድጎ ይወጣና እርጥብ ሣር ላይ ይለጠፋል። ክረምት ካለፈ በኋላ ዳገቱ ሲደርቅ አረንጓዴ የሚቀረው ጨፌው ብቻ ስለሆነ በጎቹ እዚያው ይውላሉ። ሣሩን ከበሉ በኋላ ትሉ ጉበት ውስጥ አድጎ ለመጎልመስ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። ጥቅምት ላይ የተበላው ሣር ክሳቱን ጥር ላይ የሚያሳየው ለዚህ ነው።

የተሰጠው መርፌ ደግሞ አይቨርሜክቲን ነበር። እሱ ክብ ትሎችንና የቆዳ ጥገኛ ተባዮችን ይገድላል፤ የጉበት ትልን ግን አይነካም። ሁለት ጊዜ ተወግተው ያልተሻላቸው ከሆነ ጥርጣሬዬ ወደ ጉበት ትል መዞሩ ተገቢ ነበር።

ማረጋገጫ

ከሁለቱም በቀጥታ ከፊንጢጣ ትኩስ በጠጥ ወስደን ወደ ወረዳው ላክን። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለና ልብ በሉ። በተለመደው በጨው ውሃ የማንሳፈፍ ምርመራ የክብ ትል እንቁላል ወደ ላይ ይወጣል፣ የጉበት ትል እንቁላል ግን ከባድ ስለሆነ ይዘቅጣል። «ለጉበት ትል በማዝቀጥ ይታይልኝ» ብላችሁ ካልጠየቃችሁ «ንጹህ ነው» የሚል መልስ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ደግሞም ትሉ ካልጎለመሰ እንቁላል አይጥልም፤ ኅዳር ላይ ንጹህ የተባለ በግ ጥር ላይ ላይሆን ይችላል። የእኛው በማዝቀጥ ታይቶ እንቁላሉ ተገኘ።

መፍትሄ

ክብደታቸውን በተንጠልጣይ ሚዛን መዘንን፤ ወጣቷ 24፣ አሮጊቷ 22 ኪሎ። በዓይን መገመት መድኃኒት ያሳንሳል፣ ያነሰ መድኃኒት ደግሞ የማይሞቱትን ትሎች መርጦ ያስቀራል። የሰጠነው የጉበት ትል መድኃኒት ትሪክላቤንዳዞል ነው፤ ለበግ ልኩ ለአንድ ኪሎ 10 ሚሊ ግራም ነው። ለወጣቷ 240፣ ለአሮጊቷ 220 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ ለሁለቱም አንዳንድ ባለ 250 ሚሊ ግራም ኪኒን ሰጠን። አምስቱ በዓይን ደህና ቢመስሉም አንድ ጨፌ ስለዋሉ በየክብደታቸው ወሰዱ።

አልቤንዳዞልም ለጉበት ትል ይሰጣል፣ በየሱቁም ስለሚገኝ ሰው ይመርጠዋል። ግን የጎለመሰውን ትል ብቻ ይገድላል፤ ጉበት ውስጥ ገና እያደገ ያለው ይቀራል፣ ከሁለት ወር በኋላ በጉ እንደገና ይከሳል። በእርግዝና መጀመሪያ ወር ላይ ላለች በግም አይሰጥም። ፍየል ያላችሁ ደግሞ የበጉን ልክ ዝም ብላችሁ አትውሰዱ። ፍየል ብዙ የትል መድኃኒቶችን ከገላው ቶሎ ስለሚያስወጣ ልኩ ይለያል፣ ባለሙያ ያስላላችሁ።

ፈሳሽ መድኃኒት ስትሰጡ አንገቱን ወደ ሰማይ አታቅኑት፤ ሳንባ ይገባል። ጭንቅላቱን በልኩ ይዛችሁ በአፉ ጎን በኩል ወደ ምላሱ ሥር ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። መድኃኒቱ ከሥጋና ከወተት የሚወጣበት የቀን ብዛት ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ለፋሲካ ልታርዱት ያሰባችሁት በግ ከሆነ ቀኑን ከአሁኑ ቁጠሩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ስሄድ የአገጩ እብጠት ጠፍቷል። ዓይናቸው ወደ ሮዝ የተመለሰው ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ነው፤ ወገባቸው ላይ ሥጋ የተሰማኝ ደግሞ መጋቢት መጨረሻ ላይ ነበር፣ ያውም ፍሩሽካ ስለተጨመረላቸው። እብጠቱ ከሦስት ሳምንት በኋላም ባይጎድል ኖሮ በጠጡን እንደገና አስመርምሬ ሌላ መድኃኒት እፈልግ ነበር።

የቀረው ጨፌው ነው። እዚያው ከዋሉ ተመልሶ ይይዛቸዋል። እናትየዋ መጀመሪያ ያሰቡት ሣሩን አጭደው ቤት ማምጣት ነበር። እርጥቡን አጭዶ ማብላት ግን ጽንሱን ከጨፌው ወደ ጉረኖው ተሸክሞ ማምጣት ነው። በእርጥበቱ ወራት ጨፌውን በእሾህ አጥረው በጎቹን ዳገት ላይ አዋሉ፣ ውሃውን ከምንጩ በገንዳ አጠጧቸው። ከጎረቤቶቻቸው ሁለቱ በዚያው ጨፌ ከብትና አህያ ያግጡ ነበር። እነዚህም የጉበት ትል ስለሚይዛቸውና እንቁላሉን ስለሚጥሉ በሰኔ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት ውስጥ መድኃኒት እንዲሰጡ ተስማሙ።