ግድግዳው ሲረጥብ፣ ከሲሚንቶ በፊት ላስቲክ ለጥፉ

በጎጃም ክረምት የድሮ የድንጋይና የጭቃ ቤት ግድግዳ ከታች ሲረጥብ፣ ብዙ ሰው «ከመሬት የወጣ ነው» ብሎ በሲሚንቶ ይለስነዋል። ቆይ! መጀመሪያ ግድግዳውን በጨርቅ አድርቁና ግልጽ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉበት። ሁለት ቀን ተዉት። ጠሉ በክፍሉ በኩል ከታየ የቤት ውስጥ እንፋሎት ነው፣ መስኮት ክፈቱ። ከላስቲኩ ጀርባ ከሆነ ግን ውሃው ግድግዳው ውስጥ ነው። ያኔም መሬትን ከመውቀሳችሁ በፊት ውጭውን እዩ። የጣሪያ ውሃ ይረጨዋል? አፈር ከውስጡ ወለል በላይ ተከምሯል? አፈሩን ከወለሉ ዝቅ አድርጉት፣ መሠረቱን ግን አታራቁቱ። ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ኖራ ወይም ጭድ ያለው ጭቃ ግን ያስተነፍሰዋል። ሥዕል ባለበት የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ፕላስተር አትለጥፉ፣ ቀለሙን ይልጠዋል።