የማታው ፎቶ የት እንደተነሳ እንዴት አገኘሁት

ጓደኛዬ የላከልኝ የአዲስ አበባ ፎቶ ቦታው አልታወቅ ብሎኝ ነበር። የመንገዱ መብራት ብርቱካናማ ነው። ካሜራ ግን ቀለም ያዛባል፤ ስለዚህ ከሱቆቹ አምፖል ጋር አስተያየሁት። የሱቆቹ ነጭ ሆኖ ስለወጣ ብርቱካናማው የእውነት ነው፤ የድሮው ሶዲየም መብራት መሆን አለበት።

የኒዮን ጽሑፉ ድፍን ብርሃን ሆኗል። ደማቁን ክፍል ብቻ ሳደበዝዘው «ፋርማሲ» የሚል ወጣ። ፋርማሲ ደግሞ የትም አለ! የረዳኝ ሌላ ነው፦ መብራቶቹ በሁለት ረድፍ ቁልቁል ይወርዳሉ፣ የንግድ ባንክ ሕንፃ በስተቀኝ ቆሟል። ይህ ቸርችል ጎዳናን ይመስላል፤ እዚያ ላይ ደግሞ ይህ የሚሆነው ወደ ለገሃር ሲያዩ ነው። ከለገሃር ሽቅብ ቢሆን ሕንፃው በግራ ይመጣ ነበር።

ትክክለኛውን ነጥብ የሰጡኝ መስኮቶች ናቸው። አንድ ሕንፃ ላይ የበሩት መስኮቶች ከሌሎቹ ግማሽ ፎቅ ዝቅ ብለው ተደርድረዋል፤ ደረጃ ቤት ነው። የቀን ፎቶ ላይ ያንኑ ረድፍ ፖስታ ቤት አካባቢ አገኘሁት።