ኤልዲኤልን የሚያወርደው የፒሲኤስኬ9 መርፌ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኢቮሎኩማብና አሊሮኩማብ ብዙውን ጊዜ በየሁለት ሳምንቱ ከቆዳ ሥር የሚወጉ መርፌዎች ናቸው። ኤልዲኤልን፣ ማለትም መጥፎ የሚባለውን ኮሌስትሮል፣ ከግማሽ በላይ ሊያወርዱ ይችላሉ። አሠራራቸውን በስህተት የተረዳ ሰው ግን አወሳሰዱንም ያበላሸዋል።

"መርፌው ኮሌስትሮሉን ያሟሟዋል" ብሎ ማሰብ

መርፌው ኮሌስትሮልን አይነካም። ሥራውን የሚሠራው ጉበት ነው።

የጉበት ሴሎች ገጽ ላይ ኤልዲኤልን ከደም የሚለቅሙ ተቀባዮች አሉ። ተቀባዩ ኤልዲኤሉን ይዞ ወደ ሴሉ ይገባል፣ ሸክሙን ያራግፋል፣ ከዚያ ለሌላ ዙር ባዶውን ይወጣል። አንዱ ዙር አሥር ደቂቃ ገደማ ይፈጃል።

ፒሲኤስኬ9 ጉበት ራሱ ሠርቶ ወደ ደም የሚለቀው ፕሮቲን ነው። ተቀባዩ ላይ ይለጠፍና አብሮት ይገባል። ወትሮ ሴሉ ውስጥ ያለው አሲድ የተቀባዩን ቅርጽ ስለሚለውጠው ሸክሙን ይለቃል። ፒሲኤስኬ9 የተለጠፈበት ግን መታጠፍ ያቅተዋል። ስለዚህ ላይሶዞም ወደሚባለው የሴሉ መፍጫ ተወስዶ እዚያው ይፈጫል። ወደ ላይ አይመለስም።

መርፌው ውስጥ ያለው አንቲቦዲ ፒሲኤስኬ9ን ገና ደም ውስጥ እያለ ይይዘዋል። ተቀባዮቹ ከመፈጨት ይተርፋሉ፣ ቁጥራቸው ይበዛል፣ ጉበትም የበለጠ ኤልዲኤል ይለቅማል።

መርፌ ተጀመረ ብሎ ስታቲን ማቆም

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ስታቲን የሚባለው ክኒን ጉበት ውስጥ የሚመረተውን ኮሌስትሮል ይቀንሳል። ሴሉ እጥረት ሲሰማው ተጨማሪ ተቀባዮች ይሠራል። ችግሩ፣ ተቀባይ እንዲመረት የሚያዘው ያው ትእዛዝ ፒሲኤስኬ9ንም ይጨምራል። በአንድ በኩል የተሠራው በሌላ በኩል ይፈጫል። የስታቲን መጠን በእጥፍ ሲጨመር ኤልዲኤል ተጨማሪ 6 በመቶ ያህል ብቻ የሚወርድበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

መርፌው የሚዘጋው ይህንኑ ቀዳዳ ነው። ስታቲን ተቀባይ ያሠራል፣ መርፌው የተሠራውን ያተርፋል።

በቁጥር እንየው። የአንድ ሰው ኤልዲኤል 190 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው እንበል። ጠንካራ ስታቲን በግማሽ ሲያወርደው 95 ይሆናል። ኢዜቲማይብ የሚባለው ክኒን ሲጨመር ከቀረው ላይ 20 በመቶ ይቀንስና 76 ይደርሳል። መርፌው ደግሞ ከዚህ ላይ 60 በመቶ ቢወስድ 30 ገደማ ይሆናል። ሰውዬው "አሁንማ ድኛለሁ" ብሎ ሁለቱን ክኒኖች ቢተውስ? መርፌው ብቻውን 190ውን የሚያወርደው ወደ 76 ነው። መርፌ ከመጀመሩ በፊት ወደነበረበት ቁጥር ተመለሰ ማለት ነው።

ልብ በሉ፣ መቶኛዎቹ አይደመሩም። 50፣ 20 እና 60 ቢደመሩ 130 ይመጣሉ፤ ከመቶ በላይ ደግሞ የሚወርድ ነገር የለም። እያንዳንዱ መድኃኒት የሚቀንሰው ከቀረው ላይ ነው። ስታቲን ጡንቻ ካሳመመዎት በራስዎ ከመተው ለሐኪም ይንገሩ፤ መጠኑን ወይም ዓይነቱን መቀየር ይቻላል።

ቁጥሩ በጣም ወረደ ብሎ ደንግጦ ማቋረጥ

አንቲቦዲው ቀስ በቀስ ከሰውነት ይወጣል። መርፌው ሲቆም ኤልዲኤል በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። የሰውነት ሴሎች ኮሌስትሮል ራሳቸው ስለሚሠሩ ደም ውስጥ ያለው ኤልዲኤል ሲያንስ ባዶ አይቀሩም። እ.ኤ.አ. በ2006 ከወላጆቿ በወረሰችው የዘር ለውጥ ምክንያት ደሟ ውስጥ ፒሲኤስኬ9 ያልተገኘባት አንዲት ሴት በአንድ የዘረመል ጥናት መጽሔት ላይ ተገልጻ ነበር። ኤልዲኤሏ 14 ብቻ ነበር፤ ጤነኛም ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2017 ውጤቱ የወጣው፣ 27,564 ሰዎች የተሳተፉበት የኢቮሎኩማብ ጥናትም መርፌውን የወሰዱት ኤልዲኤላቸው በመካከለኛ ግምት ከ92 ወደ 30 እንደወረደ፣ የልብ ጥቃትና ስትሮክም እንደቀነሰላቸው አሳይቷል።

ኤልዲኤል አልወረደም ብሎ ወዲያው መድኃኒቱን መውቀስ

መጀመሪያ አወጋጉን ይመርምሩ። መርፌው ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፣ በረዶ ግን መሥራት የለበትም። ከመወጋትዎ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ውጭ ያቆዩት። በሙቅ ውኃ አያሙቁት፣ አይናጡት። የብዕር ቅርጽ ያለው መርፌ ላይ ትንሽ መስኮት አለች፤ ሙሉ በሙሉ ቢጫ እስክትሆን ድረስ ከቆዳ አያንሱት። ቶሎ ካነሱት ፈሳሹ ቆዳው ላይ ይፈስሳል። እንዲህ ሲሆን በራስዎ ሌላ መርፌ አይድገሙ፣ ሐኪሙን ይጠይቁ።

አወጋጉ ትክክል ሆኖ፣ ቀንም ሳይዘለል ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ሐኪሙ ተቀባዮቹን ይጠረጥራል። ከእናትም ከአባትም የተበላሸ የተቀባይ ጂን የወረሱ፣ አንድም የሚሠራ ተቀባይ የሌላቸው ጥቂት ሰዎች አሉ። ለእነሱ ይህ መርፌ የሚያተርፈው ተቀባይ ስለሌለ በሌላ መንገድ የሚሠራ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል።